የድሬ ውኃ፣ ሪላክሰርና የራስ ቆዳ

ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ካሉት የሴቶች ፀጉር ቤቶች ወደ አንዱ ሪላክሰሯን ራሷ ገዝታ፣ በፌስታል አንጠልጥላ የምትመጣ ደንበኛ አትጠፋም። የገዛችው ካርቶን ላይ «ኖ ላይ» የሚል ካለበት ደግሞ ልቧ ረክቷል፤ «ይሄኛው አያቃጥልም» ብለዋታል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ቆዳም ፀጉርም ያስከፍላል፣ በተለይ እዚህ ከተማ።

ሥራው የሚጀምረው ካርቶኑን ከፍቶ በማየት ነው። ክሬሙ በአንድ ዕቃ ብቻ ከመጣና ከንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ካለ ባለ ሶዳው ነው፤ በሳሙና መሥሪያነቱ የሚታወቀው ኮስቲክ ሶዳ ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መጠኑ ለቤት መጠቀሚያ ከ2 በመቶ፣ ለባለሙያ ከ4.5 በመቶ እንዲያልፍ አይፈቀድም። ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎም ያቃጥላል። ካርቶኑ ውስጥ ክሬምና ፈሳሽ ለየብቻ ካሉ ግን ያለ ሶዳው፣ ያ «ኖ ላይ» የተባለው ነው። ክሬሙ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ፈሳሹ ጓኒዲን ካርቦኔት ይይዛሉ፤ ሲደባለቁ ጓኒዲን ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል፣ ፀጉሩን የሚያለሰልሰውም እሱ ነው። የተደባለቀው እዚያው ማለቅ አለበት፤ የተረፈው ይደፋል እንጂ ለሚቀጥለው ጊዜ አይቀመጥም።

ሁለቱም ፒኤቻቸው ከ12 በላይ ነው። ያለ ሶዳው የራስ ቆዳን የሚቆጠቁጠው ቀስ ብሎ ስለሆነ «አያቃጥልም» ተባለለት፤ ሰዓቱ ካለፈ ግን እሱም ያቆስላል። ሌላም ጣጣ አለው። ክሬሙና ፈሳሹ ሲዋሃዱ ከጓኒዲኑ ጋር አብሮ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ኖራ ድንጋይ፣ ይወጣና ፀጉሩ ላይ ይቀራል። የድሬዳዋ ሰው ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። የከተማው ውኃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ከጉድጓድ የሚወጣ ስለሆነ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ በጣሊያን ዘመን የተተከለው ሲሚንቶ ፋብሪካም ድሬዳዋን የመረጠው ለዚሁ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ያለ ሶዳውን ተሠርታ በዚህ ውኃ የምትታጠብ ሴት ፀጉሯ ላይ ኖራው በላይ በላዩ ይደራረባል። ከሳምንታት በኋላ ፀጉሩ ይደርቃል፣ ያብረቀርቅ የነበረው ይፈዛል፣ ማበጠሪያ ሲነካው ይሰበራል። እሷም «አልያዘኝም» ብላ ሪላክሰሩን ቀድማ ትደግማለች፤ ትልቁ ጉዳት የሚመጣውም ያኔ ነው።

እንግዲህ እንዲህ እንበል። አንዲት ሴት ለቅዳሜ ሠርግ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ሹሩባዋን የፈታችው ትናንት ማታ ነው፤ ሲበላት በጥፍሯ ስታክ አድራለች። ከሙቀቱ የተነሣ ማጅራቷ በላብ ርሷል። እዚህ ላይ ጥሩ ሠሪ ሥራውን አትጀምርም። የታከከ ወይም ሹሩባ የሳበው ቆዳ በዓይን የማይታይ ጭረት አለው፤ ሶዳ የሚገባው በዚያ ነው። ላብ ደግሞ ክሬሙን አቅጥኖ ወደ ቆዳው ያወርደዋል። ሹሩባ ከተፈታና ፀጉር ከታጠበ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ ቀጠሮውም ፀሐይዋ ሳትበረታ በጠዋት ይሁን። ሂና የምትቀባ ከሆነች ደግሞ አስቀድማ ትናገር፤ ሂና ፀጉሩን ስለሚሸፍነው ክሬሙ እኩል አይዘውም፣ «እስኪይዝ» ተብሎ ሲጠበቅም ቆዳው ይቃጠላል። ከዚህ በፊት የተሠራችው በታዮግላይኮሌት ከሆነ ግን ማቆያ የለውም፤ ሁለቱ አንድ ፀጉር ላይ ከተገናኙ ፀጉሩ እየተቆረጠ እጅ ላይ ይቀራል።

ክሬሙ ከመከፈቱ በፊት ውኃ ይዘጋጃል። ቧንቧ ድንገት ቀጥ ሊል በሚችልበት ሰፈር ይህ የቅንጦት ምክር አይደለም። ሦስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልቶ አጠገብ ማስቀመጥ ይበጃል። ከዚያ ግንባር ዳር፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ማጅራትና በየመክፈያው መሐል ቫዝሊን ይቀባል። ሠሪዋ ጓንት ታጠልቃለች። ከማጅራት በላይ ካለው ቦታ አንድ ቀጭን ዘለላ ላይ ክሬሙን ሞክራ፣ በስንት ደቂቃ እንደለሰለሰና ሲሳብ እንዳልተቆረጠ ታያለች።

ክሬሙ የሚቀባው አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የተሠራውን ከነካ ሁለተኛ ማብሰል ነው፣ ፀጉሩም የሚሰበረው በሁለቱ መገናኛ ላይ ነው። ቆዳውን ሳይነካ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀባል፤ የሰውነት ሙቀት ራሱ ወደ ሥሩ ያወርደዋል። ከኋላ ተጀምሮ ስሱ የግንባር ዳር መጨረሻ ይሆናል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ቀብቶ ከመጨረስ ሳይሆን የመጀመሪያው ጠብታ ከነካበት ጊዜ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው በላይ አንድ ደቂቃ አይጨመርም።

አሁን ወደዚያች ሴት እንመለስ፤ ሳምንቱ ሳይጠበቅ ተቀብታለች እንበል። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ማጅራቷን መቆጥቆጥ ይጀምራታል። «አቦ፣ ትንሽ ቻይው፣ ሊይዝልሽ ነው» ይሏታል። ፀጉር ቤት ውስጥ ከሚነገር ሁሉ ይህችን አባባል የሚያህል ጎጂ የለም። መቆጥቆጥ ክሬሙ ፀጉሩን ለመያዙ ምልክት አይደለም፤ ሶዳው የቆዳውን ስብና ፕሮቲን እያሟሟ ወደ ውስጥ መግባት መጀመሩ ነው። አሲድ ላይ ላዩን አድርቆ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆማል፤ ሶዳ ግን ካልታጠበ መውረዱን ይቀጥላል። ያ ቦታ ወዲያውኑ ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል፤ የቀረው ፀጉር ግማሽ ቢቀር ይቅር። ቃጠሎው ከበረታ እጥበቱ 20 ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ አይደረግበትም።

ኒውትራላይዚንግ ሻምፖ የሚመጣው ክሬሙ በውኃ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ነው፤ የውኃውን ሥራ አይተካም። ብዙዎቹ ቀለም የሚቀይሩ ናቸው፤ አረፋው ወደ ሮዝ ካደላ ሶዳ ቀርቷል ማለት ነው፣ ነጭ እስኪሆን ይደጋገማል። ከጆሮ ጀርባና ማጅራት ላይ የሚረሳ ክሬም ብዙ ነው።

ትንሽ ከቀላና በማግስቱ ከበረደ ቫዝሊን ይበቃዋል፤ ካስክ፣ ካውያና ሹሩባ ግን ቁስሉ እስኪሽር ይቆዩ። ውኃ የቋጠረ፣ የሚያዥ ወይም መግል የያዘ ቁስል ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። ነጣ ብሎ የደረቀና ሲነኩት የማያም ቦታ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጥልቅ ቃጠሎ የፀጉሩን ሥር ሊገድል ስለሚችል እዚያ ላይ ዳግም ላይበቅል ይችላል። ዓይን ውስጥ ከገባ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ቆዳዋ ቶሎ ለሚቆጣ ሴት ያለ ሶዳው ይሻላል፤ ቆዳዋ ጠንካራ ከሆነና ሠሪዋ ሰዓት የምታከብር ከሆነች ግን ለድሬ ውኃ ባለ ሶዳው ይመረጣል፤ ኖራ አይተውምና። ያለ ሶዳውን የመረጠች ከሳምንት በኋላ ጀምራ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ኢዲቲኤ ባለበት፣ ካልሲየም በሚያነሣ ሻምፖ ትታጠብ፣ ከዚያም ኮንዲሽነር ታስከትል። እሱ ከጠፋ፣ ቆዳዋ ቁስል ከሌለው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጣ መጨረሻ ላይ ማለቅለቅ ትችላለች። ቀለም ለመቀባት ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ሪላክሰሩን ለመድገም ደግሞ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ትጠብቃለች፤ በስድስተኛው ሳምንት ፀጉሯ ቢሸካከር መጀመሪያ የምትሞክረው ይህንኑ ኖራ የሚያነሣ እጥበት ነው።