በሲያትል መኪና ቢገጫችሁ የሕክምናውን ሂሳብ ማን ቀድሞ ይከፍላል?

በዋሽንግተን ስቴት ቀይ መብራት ጥሶ የገጫችሁ ሰው ኢንሹራንስ የሐኪም ሂሳባችሁን በየወሩ አይከፍልላችሁም። ጥፋቱ የደንበኛው መሆኑን ቢያምንም እንኳ የሚከፍለው አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ፣ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ሰነድ አስፈርሞ ነው። የሆስፒታሉ ሂሳብ ግን እስከዚያ አይጠብቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁን የመኪና ኢንሹራንስ ፖሊሲ አውጡና «ፒ አይ ፒ» የሚል ሽፋን መኖሩን እዩ። ኩባንያዎች ይህን ሽፋን የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ የማይፈልግ ደንበኛ ደግሞ በጽሑፍ ነው የሚተወው። በወር ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ብሎ መተው፣ በእኔ እይታ፣ መጥፎ ቁጠባ ነው። ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን፣ ሽፋኑ ከአደጋው ቀን ጀምሮ ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ለሚያስፈልግ ሕክምና ቢያንስ እስከ 10,000 ዶላር ይከፍላል። ተሳፋሪ ከነበራችሁ የተሳፈራችሁበትን መኪና፣ እግረኛ ከነበራችሁ የገጫችሁን መኪና ፒ አይ ፒ ጠይቁ።

ቀጥሎ ክሌም ከፍታችሁ ቁጥሩን ለድንገተኛ ክፍሉም ለፊዚዮቴራፒውም ስጡ። ቁጥሩ ካልተሰጣቸው ሂሳቡን ለጤና ኢንሹራንሳችሁ ይልኩታል። እሱም «ጉዳቱ በመኪና አደጋ የደረሰ ነው?» የሚል መጠይቅ ይልክላችኋል፤ ሳትመልሱ ከተዋችሁት ክፍያው ሊታገድ ይችላል። የጤና ኢንሹራንሱ ተራ የሚደርሰው ፒ አይ ፒው ሲያልቅ ነው።

አሁን ወደ ማስመለሱ። ፒ አይ ፒ 8,000 ዶላር ከፈለላችሁ እንበል፤ የጥፋተኛው ኢንሹራንስ ደግሞ በ25,000 ተስማማ። ጠበቃችሁ ሲሶውን፣ 8,333 ዶላር ገደማ፣ ይወስዳል። የራሳችሁ ኩባንያ 8,000ውን መልሱልኝ ይላል። ገንዘቡ የተገኘው በጠበቃችሁ ድካም ስለሆነ ግን ኩባንያውም ከወጪው ድርሻውን ይሸከማል፦ የ8,000ው ሲሶ፣ 2,667፣ ተቀንሶ የሚመለስለት 5,333 ብቻ ነው። ለእናንተ 11,334 ይቀራል። ይህን ቅናሽ ኩባንያው በራሱ ፈቃድ ላያነሳው ስለሚችል ጠበቃችሁ በጽሑፍ ይጠይቅ።

ሌላም ገደብ አለ። በስቴቱ ሕግ አሽከርካሪ በአንድ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚይዘው ዝቅተኛ ሽፋን 25,000 ዶላር ነው። የደረሰባችሁ ጉዳት 60,000 የሚያወጣ ሆኖ ከዚያ በላይ የሚገኝ ገንዘብ ከሌለ፣ ሙሉ ካሳ አላገኛችሁምና ኩባንያው በመሠረቱ ከእናንተ የሚያስመልሰው የለም። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን የወሰነው በ1978 ነው። አፕል ኸልዝ ከፍሎ ከሆነ ግን የራሱ ደንብ ስላለው ከመስማማታችሁ በፊት አሳውቁት።

ክስ የመመሥረቻው ጊዜ ከአደጋው ቀን ጀምሮ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ነው። ሕክምናው ሳያልቅ የመጨረሻውን ሰነድ አትፈርሙ።