በክረምት የሚመጣው የጋራ ወጪ ሂሳብ፦ ከመክፈልዎ በፊት እንዴት ይመረምሩታል?

ዲላ ውስጥ ብዙው ሱቅ የሚከራየው በአንድ ቁርጥ ዋጋ ነው። ፎቅ ባለው ሕንጻ ላይ ግን፣ አዲስ አበባ እንደተለመደው፣ ከኪራዩ ሌላ ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለኮሪደር መብራት፣ ለውኃ ፓምፕና ለጄነሬተር ናፍጣ የሚውል «የጋራ ወጪ» የሚጠየቅበት ውል አለ። በየወሩ የሚከፍሉት ግምት ነው። አከራዩ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱን ሲዘጋ ትክክለኛውን ወጪ ደምሮ ያወራርዳል፤ ጎደለ ካለ ልዩነቱን ይጠይቅዎታል። ያ ወረቀት የሚደርሰው ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ነው። የጌዴኦ ነጋዴ በዚያ ጊዜ የቡናው ገንዘብ ገና ስላልገባ እጁ የሚያጥርበት ወቅት ነውና ድንጋጤው እጥፍ ይሆናል።

ልዩነት መምጣቱ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የናፍጣ ዋጋ ጨምሯል፤ የመብራት ታሪፍም ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተሻሻለ ነው። የአምናውን ግምት ሳይነካ የቆየ አከራይ ዘንድሮ ጉድለት ቢያሳይ አይገርምም። የሚመረመረው ጉድለቱ እንዴት እንደተሰላ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጡበት ሱቅ 24 ካሬ ሜትር ነው እንበል፤ የሕንጻው የሚከራይ ስፋት በሙሉ 1,200 ካሬ ነው። ወር በወር 800 ብር፣ በዓመት 9,600 ብር ከፍለዋል። አከራዩ «የዓመቱ ወጪ 780,000 ብር ነው፤ ድርሻዎ 23,400 ስለሆነ 13,800 ብር ይጨምሩ» ይላል።

መጀመሪያ ውሉን ያውጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ የሚጸና መሆኑን ይደነግጋል፤ ስለዚህ ወሳኙ ውሉ ላይ የተጻፈው ነው። «የጋራ ወጪ» ብቻ ብሎ ካለፈ ምን ምን እንደሚጨምር ያልተነገረ ነውና ለክርክር በር ክፍት ነው። ስለ ማወራረድ ጭራሽ ካልተጻፈ ደግሞ የተስማሙት በወር 800 ብር ብቻ ነው ብለው ለመከራከር ጥሩ መነሻ አለዎት።

ቀጥሎ አካፋዩን ይፈትሹ። አብዛኛው ስህተት የተደበቀው እዚህ ነው። 24 ለ1,200 ሲካፈል 2 በመቶ ነው፤ የ780,000 ብር 2 በመቶ ደግሞ 15,600 ነው። ታዲያ 23,400 ከየት መጣ? አከራዩ ያካፈለው ለ1,200 ሳይሆን በወቅቱ ተከራይቶ ለነበረው 800 ካሬ ብቻ ነው፤ ድርሻዎ ወደ 3 በመቶ ከፍ አለ ማለት ነው። ላይኛው ፎቅ ባዶ በመቆየቱ የባዶውን ክፍል ጥበቃና መብራት እርስዎ ተሸከሙ። ውሉ «ከሕንጻው አጠቃላይ ስፋት አንጻር» የሚል ከሆነ ይህ አይጸናም። «ከተከራየው ስፋት» የሚል ከሆነ ግን ፈርመውበታል። የሱቅዎንም ስፋት በሜትር ለክተው ያረጋግጡ፤ የግድግዳ ውፍረትና የኮሪደር ቁራጭ አብሮ ተቆጥሮ ይገኛል።

ከዚያ የወጪውን ዝርዝር ከነደረሰኙ ይጠይቁ። በምሳሌያችን ውስጥ 150,000 ብር የጣሪያ ቆርቆሮ መለወጫ አለበት። ይህ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል የሕንጻው ሀብት ነው፤ ውሉ ሌላ ካላለ ቤቱን ለአገልግሎት አመቺ አድርጎ መያዝ በመርህ ደረጃ የአከራዩ ግዴታ ነው። የአከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር፣ የባንክ ወለድና ባዶ ክፍል ለማከራየት የተከፈለ የደላላ ገንዘብም በዚህ መደብ ቦታ የላቸውም። ናፍጣው ላይ ደግሞ የጄነሬተሩን መዝገብ ከመብራት መጥፋት ቀናት ጋር ያስተያዩ። ጄነሬተሩ ከጋራ መብራት ውጭ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ወይም ምግብ ቤት የሚያሠራ ከሆነ ያ ድርሻ ለብቻው ሊቆጠር ይገባል።

አሁን እንደገና እናስላ። ከ780,000 ላይ 150,000 ሲቀነስ 630,000 ይቀራል፤ 2 በመቶው 12,600 ነው። የከፈሉት 9,600 ሲነሳ ቀሪው 3,000 ብር ነው። ሱቁን የያዙት ከጥር 1 ጀምሮ ከሆነ ደግሞ የሚጠየቁት የግማሽ ዓመቱን ብቻ ነው። የወር ደረሰኞችዎን በፌስታል ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ያልተመዘገበ ክፍያ እንደ ዕዳ ሊመለስብዎ ይችላል።

ልዩነቱን በቃል አይከራከሩ። የሚያምኑበትን 3,000 ብር ከፍለው ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የማያምኑበትን ከነምክንያቱ በደብዳቤ ጽፈው ቅጂው ላይ የተቀባይ ፊርማ ያስደርጉ። ጨርሶ አለመክፈል ማስለቀቂያ ምክንያት ሊሆንብዎ ስለሚችል አይመከርም።

ውል ሲያድሱ ሦስት ነገር ያስጽፉ፦ አካፋዩ የሕንጻው ሙሉ ስፋት መሆኑን፣ የዓመቱ ጭማሪ ከስንት በመቶ እንደማይበልጥ፣ እንዲሁም ማወራረጃው ከነደረሰኙ እስከ መስከረም መጨረሻ ካልቀረበ እንደማይጠየቅ። አከራዩ ሦስተኛውን እምቢ ካለ፣ ያንን ሱቅ ደግመው ያስቡበት።