ዳልቼ ሞታለች፦ ለአራት ዓመት ልጅ እንዴት ይነገራል?

በደንብ የተያዘች ድመት ከ12 እስከ 15 ዓመት ልትኖር ትችላለች። እንበል ዳልቼ የምትባል ድመት ልጅቷ ሳትወለድ ጀምሮ የማሽላውን ጎታ ከአይጥ ስትጠብቅ ኖራ፣ አንድ ጠዋት ምድጃው አጠገብ ሞታ ተገኘች። በሐራም ሆነ በመርሳ ብዙ ቤት የሚደረገው ይታወቃል፦ በጆንያ ጠቅልሎ፣ ልጅ ሳያይ፣ ገደል መጣል። ልጅቷ ግን ስትፈልጋት ትውላለች። ወይም ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት ገደሉ ውስጥ ታገኛታለች። ይህ እንዳይሆን ቀጥሎ ያለውን በዚያው ቀን ጀምሩ። አገሩ ሞቃት ነው፤ ሬሳው አይቆይም።

አዘጋጁ፦ ዶማ፣ አካፋ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ ሁለት ወፍራም ፌስታል፣ ሳሙና፣ በርከት ያለ ድንጋይ።

1. በምን እንደሞተች አጣሩ። ያረጀች ድመት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ትከሳለች፣ መዝለል ትተዋለች፣ ውሃ ታበዛለች፣ በመጨረሻም ምግብ እምቢ ትላለች። እንዲህ ከነበረች ወደ ሁለተኛው ደረጃ እለፉ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ጠባይዋ ድንገት ተለውጦ ሰው ላይ ከዘለለች፣ ለሃጯ ከተዝረከረከ ወይም መዋጥ ካቃታት ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። በባዶ እጅ አትንኳት፤ ልጅቷንም አታስጠጉ። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያም ንገሩ። የአይጥ መርዝ ከጠረጠራችሁ ደግሞ የተረፈውን ልጅቷ ሳታገኘው ፈልጋችሁ አንሱ።

2. ሬሳውን አዘጋጁ። እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ በጨርቁ ጠቅልሏት። ዓይኗ ካልተከደነ ጨርቁን እስከ ግንባሯ አልብሱ። ጀርባዋና ጭራዋ ይታይ።

3. ለአያቶችና ለታላላቆች ቀድማችሁ ንገሩ። «ድመት ናት እኮ፣ ምን ያስለቅሳል?» የምትል አንዲት ቃል የልጅቷን አፍ ትዘጋለች። «ሞተች ብለን ነው የምንነግራት፤ እናንተም እንዲሁ በሉልን» በሏቸው። ሁሉም ሰው አንድ ቃል ይናገር።

4. ቁጭ በሉና ንገሯት። ዓይን ለዓይን እስክትተያዩ ዝቅ በሉ። ቃሉ አጭር ይሁን፦

«የኔ እናት፣ የሚያሳዝን ነገር ልነግርሽ ነው። ዳልቼ ሞታለች። በጣም አርጅታ ነበር፣ ሰውነቷ መሥራት አቆመ። ከእንግዲህ አትተነፍስም፣ አትበላም፣ አያማትም። ተመልሳም አትመጣም።»

እዚህ ላይ አቁሙ። ዝም በሉና ጠብቋት።

«ተኛች» አትበሉ፤ ማታ መተኛት ትፈራለች። «ሄደች» ወይም «ጠፋች» አትበሉ፤ በር በሩን ስታይ ትከርማለች። «ጅብ በላት» ፈጽሞ አይባል። «ታማ ሞተች» ብቻ ብላችሁም አትተዉት፤ በሚቀጥለው ጉንፋን ሲይዛት እኔም ልሞት ነው ብላ ትፈራለች። ማሪያ ናጊ በ1948 እ.ኤ.አ. የቡዳፔስት ልጆችን አነጋግራ ባሳተመችው ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ሞትን እንደ ጉዞ ወይም እንደ እንቅልፍ እንደሚያዩት ጽፋለች። በዚህ ዕድሜ ለስላሳው ቃል የሚያደናግረው ለዚህ ነው።

5. ማየት ከፈለገች አሳዩአት። አታስገድዷት። መንካት ካማራት ጀርባዋን በጨርቁ ሸፍኑና በላዩ ትዳብሳት። «ለምን ደረቀች?» ካለች «የሞተ ሰውነት ይደርቃል፣ ይቀዘቅዛል» በሏት። ከዚያ እጇን በሳሙና አስታጥቧት። ይህ በእርጅና ለሞተች ድመት ብቻ ነው።

6. የሚመጡትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልሱ። ሦስቱ አይቀሩም።

«ጭራዋን ስለጎተትኳት ነው?» ይህን አፍ አውጥታ ባትጠይቅም እናንተ አንሱት። «አንቺ ያደረግሽው ወይም ያሰብሽው ነገር አልገደላትም» በሏት።

«አያቴም አርጅታለች፤ ልትሞት ነው?» «አትሞትም» ብላችሁ አትዋሹ። «ሰው ከድመት ብዙ፣ ብዙ ዓመት ይኖራል። አያትሽ ዛሬ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ አብረንሽ ነን» በቂ ነው። አያት የምር ከታመመች «ደህና ናት» አይባልም፤ «ታማለች፣ እያስታመምናት ነው» ይባላል።

«ገነት ትገባለች?» ወይም «ጀነት ትገባለች?» ሃይማኖታችሁ የሚያስተምረውን ንገሯት። ካላወቃችሁ «ሼኩን እንጠይቃለን»፣ «የንስሐ አባታችንን እንጠይቃለን» በሉና የምር ጠይቁ። «እግዜር ወስዷት ነው» ወይም «አላህ ወስዷት ነው» ብቻ ስትባል ግን ትንሽ ልጅ ቀጥሎ እኔን ይወስደኛል ብላ ትፈራለች። መጀመሪያ የሰውነቷን ነገር አስረዱ፤ የእምነቱ ቃል ከዚያ ይከተል። ሙስሊም ከሆናችሁ የአቡ ሁረይራን ነገር ጨምሩላት፤ የነቢዩ ሰሓባ ነበሩ፣ ስማቸውም «የድመቷ አባት» ማለት ነው።

ካለቀሰች እቀፏትና «አብሽሪ» በሏት። «አታልቅሺ» አትበሏት። ሮጣ ወደ ጨዋታዋ ብትመለስም አትገረሙ፤ ትንሽ ልጅ ሐዘኑን ቆራርጦ ነው የሚያዝነው።

7. ቅበሯት። ከውኃ ጉድጓድና ከምንጭ ራቅ ያለ፣ ጎርፍ የማይወርድበት ቦታ ምረጡ። ጉድጓዱን በዶማ እስከ አንድ ሜትር አጥልቁ። ከዚያ ካነሰ ጅብ ወይም ውሻ ያወጣታል፤ ልጅቷ ጠዋት ያንን ማየት የለባትም። በጨርቁ እንደተጠቀለለች አስገቧት፤ ፌስታሉን አብራችሁ አትቅበሩ። ግማሽ ድረስ አፈር መልሱና ድንጋይ ደርድሩበት። የቀረውን አፈር ልጅቷ በእጇ ትበትን። ከላይ ሌላ ድንጋይ ጫኑ። እጃችሁን ታጠቡ።

የሰው ቀብር አታስመስሉት። ሶላትም ፍትሐትም አያስፈልገውም፤ ጎረቤትን ያስቀይማል፣ ልጅቷንም ያምታታል። እያንዳንዱ ሰው ስለ ዳልቼ አንድ ነገር ብቻ ይናገር፦ «ቡና ሲፈላ ጭኔ ላይ ትተኛ ነበር» ዓይነት።

8. በነጋታው ያንኑ መልስ ድገሙ። «ዳልቼ መቼ ነው የምትመጣው?» ትላለች። ከነገወዲያም ትላለች። አልገባትም ማለት አይደለም፤ እያረጋገጠች ነው። «ሞታለች፣ አትመጣም። ናፈቀችሽ አይደል?» በሏት። ቃሉን አትለውጡ። ድመት ቀባሪ ሆና ብትጫወትም ተዉአት። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍ ወይም ምግብ እምቢ ካለች፣ ወይም ከጎናችሁ አልለይም ካለች፣ ጤና ጣቢያ አማክሩ።

9. ማስታወሻ ሥሩ። አንዱን ምረጡ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ።

ለዚህ ዕድሜ ከሁሉ የሚሻለው ጭቃ ይመስለኛል፤ እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል። ጠጠሩን የለቀማችሁለትን ጭቃ እንደ ሊጥ እሹ። የተኛች ድመት ቅርጽ ይሁን፤ የቆመችው እግሯ ቶሎ ይሰበራል። ጢሟን በስንደዶ ስኩ። ሦስት አራት ቀን ጥላ ውስጥ አድርቁ፤ ፀሐይ ላይ ከዋለች ትሰነጠቃለች። ካልተተኮሰች ውኃ ያፈርሳታልና መደርደሪያ ላይ አኑሯት።

ማታ ደግሞ «ተረት ተረት» በሉና ዳልቼን ገጸ ባሕርይ አድርጉ፦ አይጡን ያባረረችበት ሌሊት፣ ወተቱን የደፋችበት ቀን። ጥፋቷም ይነገር። መጨረሻ ላይ ግን ከሞት አታስነሷት።

ችግኝ መትከል ካማራችሁ ከመቃብሩ ጎን ትከሉ፤ ላዩ ላይ ከሆነ ጉድጓዱን እንደገና ትከፍታላችሁ። ፓፓያ ቶሎ ያፈራል፣ ግን ውኃ ካጣ ይደርቃል፤ ልጅቷም ሁለተኛ ታዝናለች። የምታጠጡት ከሌለ ሬት ትከሉ።

10. አዲስ ድመት ለማምጣት አትቸኩሉ። አይጥ ጎታውን ከደፈረና መጠበቅ ካልቻላችሁ «ይቺ ሌላ ድመት ናት፣ ዳልቼን አትተካም» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሯት። ስሙን እሷ ታውጣ፤ ዳልቼ አይሁን። ከጎረቤት የድመት ግልገል ስትቀበሉ ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አትለዩአት።