ለአንድ ባዶ ቦታ ሦስት ትክክለኛ መልስ፦ የባለቤትና የግሥ ስምምነት መልመጃዎች ሲፈተሹ

በአማርኛ የልምምድ ወረቀቶች ላይ ከሚዘወተሩት ጥያቄዎች አንዱ ከባለቤቱ ጋር በጾታና በቁጥር የሚስማማውን ግሥ የሚያስመርጠው ነው። አቀራረቡ የታወቀ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ በባዶ ቦታ ይቋጫል፤ ከሥሩም የአንድ ግሥ አራት ቅርጾች ይደረደራሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ተማሪው በትክክል መልሶ ሳለ ነጥብ የሚያጣበትን ሁኔታ ነው። የሚከተለው ጥያቄ ለዚህ ማሳያ ይሆናል።

«አያቴ ትናንት ከገጠር ____።»
ሀ. መጣ ለ. መጣች ሐ. መጡ መ. መጣሁ

ጥያቄውን ያዘጋጀው መምህር በልቡ ሴት አያትን አስቦ ከሆነ የመልስ መስጫው ‹መጣች› ይላል። ይሁን እንጂ ‹አያት› የሚለው ስም ወንድም ሴትም ይጠራበታል፤ ‹አያቴ› ሲባልም ጾታው አይታወቅም። ስለዚህ ‹መጣ› የሚል ተማሪ አልተሳሳተም። አያቱን አንቱ እያለ ያደገ ልጅ ደግሞ ‹መጡ›ን ይመርጣል። ይህ ቅርጽ የብዙ ቁጥር ቢሆንም ለአንድ የተከበረ ሰውም ያገለግላል፤ የጾታ ልዩነትንም አያሳይም። ከአራቱ አማራጮች በእርግጥ ስሕተት የሆነው ‹መጣሁ› ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅ አይመርጠውም። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚለካው የተማሪውን የሰዋስው ዕውቀት ሳይሆን የመምህሩን ሐሳብ የመገመት ችሎታውን ነው።

ማረሚያው ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩ «አያቴ ትናንት ነጠላዋን ለብሳ ከገጠር ____» ቢባል መልሱ ‹መጣች› ብቻ ይሆናል። ‹ነጠላቸውን ለብሰው› ከተባለ ደግሞ ‹መጡ› ይሆናል። ‹ለብሳ› እና የመጨረሻው ግሥ አንድ ባለቤት ስለሚጋሩ፣ ተማሪው ይህን ዝምድና አስተውሎ መምረጥ ይኖርበታል።

የቁጥሩ ነገር በሌላ መንገድ ያስቸግራል። አማርኛ ቁጥር ከቀደመ ስሙን በነጠላ መተው ይፈቅዳል፤ ‹አምስት ተማሪዎች መጡ› እንደሚባል ሁሉ ‹አምስት ተማሪ መጣ›ም ይባላል። እንግዲህ «ከአንድ በላይ ከሆነ ግሡ ብዙ ይሆናል» ብሎ ያስተማረ ወረቀት የተማሪውን የዕለት ንግግር ስሕተት ሊያደርግበት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ግን ባለንብረትነትን የሚገልጸው ‹አለ› ነው።

«አልማዝ ሦስት ወንድሞች ____።»
ሀ. አላት ለ. አሏት ሐ. አለች መ. አሉት

በዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ያለው ስም ባለቤት ነው ብሎ የለመደ ሰው «አልማዝ ሴት ናት፤ አንድ ናት፤ ስለዚህ አላት» ይላል። የመልስ መስጫዎችም አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ስሌት ይዘጋጃሉ። ነገር ግን አልማዝ የግሡ ባለቤት ብትሆን ኖሮ ‹አልማዝ ቤት ውስጥ አለች› እንደሚባለው ‹አለች› በተባለ ነበር። ‹አላት› ሲበተን ‹አለ› እና ‹-አት› ነው። ‹አለ› የሚስማማው ካለው ነገር ጋር ነው፤ አልማዝን የሚያመለክተው ‹-አት› የተሳቢ ምዕላድ ነው። ወንድሞቹ ብዙ ስለሆኑ ‹አሉ› ይሆናል፤ ‹-አት› ሲጨመርበትም ‹አሏት› ይወጣል። ባለንብረቱ ከበደ ቢሆን የሚለወጠው መጨረሻው ብቻ ነው፦ ‹ሦስት ወንድሞች አሉት›። አንቱ የምትባል እናት ብትሆን ‹አሏቸው› ይባላል።

በዕለት ንግግር ‹ሦስት ወንድሞች አላት› መባሉ አይካድም። ‹ሦስት ወንድም አላት› ከተባለማ ስሙ ነጠላ ስለሆነ ‹አላት› በቦታው ነው። ስለዚህ መመሪያው የሚፈለገው የጽሑፍ ቋንቋ መሆኑን መግለጽ፣ ጥያቄውም ‹ወንድሞች› የሚለውን የብዙ ቁጥር ምዕላድ በግልጽ መያዝ አለበት። አለበለዚያ ‹ሀ› እና ‹ለ› ሁለቱም ይከራከራሉ።

ተማሪው የተሳሳተው በቁጥር ይሁን ባለቤቱን በመለየት ለማወቅ አንድ ጥያቄ አይበቃም። ባለንብረቷን ሳይለውጡ ሦስት ባዶ ቦታዎችን ማስከተል ይሻላል፦ «አልማዝ አንድ ወንድም ____»፣ «አልማዝ ሦስት ወንድሞች ____»፣ «አልማዝ አንዲት እኅት ____»። መልሶቹ በቅደም ተከተል ‹አላት›፣ ‹አሏት› እና ‹አለቻት› ናቸው። በሦስቱም ቦታ ‹አላት› ብሎ የጻፈ ተማሪ ግሡን ከአልማዝ ጋር እያስማማ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የንግግሩን ልማድ ወደ ጽሑፉ አምጥቷል። «የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይለያል። በሁለተኛው ብቻ የሳተ ተማሪ ግን ባለቤቱን ሳያውቅ አልቀረም፤ የጎደለው የቁጥሩ ስምምነት ነው።