ከጌጁ በፊት ዚንኩን ጠይቂ

ቆዪ እንጂ፣ ገንዘቡን ገና አትቁጠሪ። ቆርቆሮ ሻጩ «30 ጌጅ ነው፣ ለመራዊ ዝናብ ይበቃል» አለሽ፤ ዚንኩ ስንት እንደሆነ ግን አልነገረሽም፣ አንቺም አልጠየቅሽውም። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የኖርኩ ነኝና ልንገርሽ፤ ቆርቆሮ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሁሉ በጌጅ ይከራከራል፣ ስለ ዚንክ የሚጠይቀው ግን በጣት ይቆጠራል። የሚገርመው ደግሞ ሁለቱ የሚከላከሉት የተለያየ ነገር መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ጌጁን እንጨርስ። ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 28 ከ30 ይወፍራል፣ 30 ደግሞ ከ32። በሚሊ ሜትር ሲነገር 28 ጌጅ 0.38 ገደማ፣ 30 ጌጅ 0.31፣ 32 ጌጅ 0.27፣ 35 ጌጅ 0.21 ነው። ስለዚህ «ጌጁ ስንት ነው?» ብለሽ አትተይው፤ «በሚሊ ሜትር ስንት ነው?» በይ። ኢጋ ቢያሳይሽም ያው ነው፤ ኢጋ የቅርጹ ስም ስለሆነ ውፍረቱን ለብቻው ጠይቂ።

ነገሩን አምነሽ አትውሰጂው፣ መዝኚው። ክር ውሰጂና ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን፣ ጉብታውንም ቦዩንም እየተከተልሽ በቆርቆሮው ላይ አስኪጂው። ከዚያ ክሩን አቅንተሽ ለኪው፤ ቆርቆሮው ከመታጠፉ በፊት የነበረው እውነተኛ ወርድ እሱ ነው። አንድ ሜትር መጣ እንበል። ቁመቱ 2 ሜትር ከሆነ አንዱ ቆርቆሮ 2 ካሬ ሜትር ብረት ነው፣ አሥሩ 20 ካሬ። አሥሩን በአንድነት ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አስጭኚ። ኪሎውን ለ20 አካፍዪ፣ የወጣውን እንደገና ለ7.85 አካፍዪ፤ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ይወጣልሻል። እውነተኛ 30 ጌጅ አሥሩ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 43 ኪሎ ከሆነ ግን በ30 ዋጋ 32 እየጫንሽ ነው። አንዱን ብቻ አትመዝኚ፣ የሚዛኑ ስህተት የጌጁን ልዩነት ይውጠዋል። «አስመዝንልኝ» ስትይው ፊቱ የሚቀያየር ባለሱቅ ካለ መልሱን ሳትመዝኚ አገኘሽ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዚንኩ። ብረቱን ከዝናብ የሚያድነው ከላይም ከታችም የተቀባው ስስ የዚንክ ቅብ ነው። መጠኑ የሚነገረው በግራም ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ፣ የሁለቱ ፊት ተደምሮ። ዜድ 100 ከተባለ 100 ግራም ነው፤ በአንድ ፊት 7 ማይክሮን ብቻ ይደርሰዋል። ዜድ 275 ከሆነ ደግሞ በአንድ ፊት 20 ማይክሮን ሊሞላ ምንም አይቀረው። እንደ መራዊ የባሕር ጨውና የፋብሪካ ጭስ በሌለበት አገር ዝናብ ከዚንኩ በዓመት አንድ ማይክሮን የማይሞላ ነው አጥቦ የሚወስደው። ግማሽ ማይክሮን ነው ብለሽ አስቢው፤ 7ቱ ማይክሮን በ14 ዓመት ያልቃል፣ 20ው ወደ 40 ዓመት ይጠጋል። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ነው፤ አብዛኛውን ከሰኔ እስከ መስከረም ያወርደዋል። ቆርቆሮውም በእነዚያ ወራት ደርቆ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ስለሆነ ከዚህ ስሌት ላይ ቀንሺ እንጂ አትጨምሪ።

ዚንኩ ካለቀ በኋላ የ28 እና የ30 ልዩነት ከ0.07 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ብረት ነው። ይህን ዝገት ለመብላት ብዙ ዓመት አይፈልግም። ስለዚህ በአንድ ዋጋ ዚንኩ የሳሳ 28 እና ዚንኩ የወፈረ 30 ከቀረበልሽ፣ እኔ ለመራዊ ሁለተኛውን እወስዳለሁ። ብዙ ሰው ይህን አይቀበለኝም። ወፍራሙን በጣቱ ሲያንኳኳው የሚሰማው ድምፅ ልቡን ይሞላዋል፣ ዚንኩ ግን አይንኳኳም።

በዓይንም አይታይም። ብልጭ ማለቱ አዲስ መሆኑን እንጂ ሌላ ነገር አይነግርሽም፤ ላዩ ላይ የሚታየው የኮከብ መሳይ ዝንጉርጉርም ትልቅ ሆነ ትንሽ ስለ ቅቡ መጠን አይመሰክርም። የእቃውን መለያ ወረቀት ወይም የፋብሪካውን ማረጋገጫ አስመጪና ከዜድ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቢ። አሉዚንክ ከሆነ ፊደሎቹ ኤዜድ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ አሉሚኒየም ስለሆነ 150 ግራሙ ብቻ በአንድ ፊት 20 ማይክሮን ይሆናል፣ በዝናብም ከተራው ዚንክ ይቆያል። እርጥብ ሲሚንቶና የከብት በረት ግን ጠላቶቹ ናቸው። ባለቀለሙን ከወደድሽ ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ፤ የታችኛው ፊት የሚቀባው ስስ ቀለም ብቻ ስለሆነ፣ ከሥሩ ያለው ዚንክ ስንት ግራም እንደሆነ እዚያም ጠይቂ። ቀለም በስስ ዚንክ ላይ ሲቀባ እንደ አዲስ ነጠላ በአሮጌ ቀሚስ ላይ ነው፤ ከላይ ያምራል።

ነፋሱስ? ነፋሱን በወፍራም ቆርቆሮ የሚያሸንፉት የሚመስላቸው አሉ። የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ለስሌት መነሻ የሚያደርገው የነፋስ ፍጥነት በሴኮንድ 22 ሜትር፣ በሰዓት ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመራዊ ከፍታ ይህ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር 23 ኪሎ ያህል ኃይል አለው፤ ክፈፉና ማዕዘኑ ላይ ወደ ላይ የሚስበው የዚህን እጥፍ ሊሆን ይችላል። የተመታው የ30 ጌጅ ቆርቆሮ ግን በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ገደማ ነው። ወደ 28 ብትወጪ የምትጨምሪው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ያ ክብደት ከነፋሱ ፊት ምንም አይደለም።

ውፍረት ለነፋስ የሚጠቅመው ሚስማሩ ጋ ነው። ጣሪያ ሲሄድ እዪው፤ ብዙ ጊዜ ሚስማሩ እንጨቱ ላይ እንደተተከለ ይቀራል፣ ቆርቆሮው ግን በሚስማሩ ራስ ዙሪያ ተቀድዶ ወጥቷል። ስሱ ቆርቆሮ ነፋስ ሲያርገበግበው ቀዳዳው ይሰፋል፣ በሰፋው ቀዳዳ መጀመሪያ ውኃ ይገባል፣ በኋላ ነፋሱ ይወስደዋል። ለዚህ ነው 32 እና 35ን ለመኖሪያ ቤት የማልመክርሽ፤ ለአጥርና ለሽንት ቤት ይሁኑ። በረዶም ሲመታቸውና ሰው ሲረግጣቸው ይሰረጉዳሉ።

አናጢው «ጠርዙን በ28፣ መሀሉን በ32 እንምታው፣ ይቀንስልሻል» ይልሽ ይሆናል። የአንቺ የ60 ቆርቆሮ ቤት ነው። በአንድ ፊት 30፣ ሦስት ረድፍ ሆኖ በየረድፉ 10 ነው። ነፋስ የሚስበው ክፈፉን፣ ሁለቱን ጎንና አናቱን ነው። የላይኛው ረድፍ 10፣ የታችኛው 10፣ ከመሀከለኛው ረድፍ የሁለቱ ጫፍ 2፣ በድምሩ 22። መሀል የሚቀሩት በአንድ ፊት 8፣ በሁለቱ ፊት 16 ብቻ ናቸው። ለ16 ቆርቆሮ ብለሽ ሁለት ዓይነት ብረት አታስመጪ። እንዲህ ያለ ትንሽ ቤት ጣሪያው ሁሉ ጠርዝ ነው።

ከ28 ወርደሽ 30 በመግዛት የተረፈሽን ገንዘብ ማገሩና ሚስማሩ ላይ አውዪው። ማገሩ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ ይመታ፣ ክፈፉ ጋ ደግሞ ይቀራረብ። ሚስማሩ ጎማ ያለው፣ አንገቱ የተጠማዘዘው ይሁን፤ የሚመታውም በጉብታው ላይ እንጂ በቦዩ ላይ አይደለም፣ ቦዩ ውኃ የሚሄድበት ነውና። በክፈፉ፣ በጎኑና በአናቱ በየጉብታው ይመታ፤ መሀሉ ላይ አንድ እየዘለለ ቢሄድ ይበቃል። ጎማው እስኪጨፈለቅ አይምታው፣ ተጭኖ እንዲይዝ ብቻ። ወራጁም ከግድግዳው ጋር በብረት ማሰሪያ ወይም በጠነከረ ሽቦ ይታሰር፤ ያለበለዚያ ቆርቆሮው ሳይቀደድ ጣሪያው ከነእንጨቱ ይነሣል።

የሜጫ ባሕር ዛፍ ርካሽና ቅርብ ነው፤ ችግሩ ትናንት ተቆርጦ ዛሬ መመታቱ ላይ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩም ይላቀቃል። እንጨቱን አስቀድመሽ ግዢ፣ ጥላ ሥር ደርድረሽ አድርቂ፤ ገንዘብ ካለሽ ለማገሩ የደረቀ ሞራሌ አስመጪ። የቤትሽ አቀማመጥ ወደ ቆጋው ሜዳ የተገለጠ ስለሆነ ክፈፉን አታስረዝሚ። የጭቃ ግድግዳሽን ከዝናብ ለማዳን 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከወጣ ነፋስ ከሥሩ ይይዘዋል። መደራረቡንም አብዛኛው ነፋስ የሚመጣበትን አስጠይቂና ክፍቱ ጠርዝ በተቃራኒው እንዲሆን አድርጊ።

ገዝተሽ የምታስቀምጪው ከሆነ ደግሞ ይህን አትርሺ። ሰው ዋጋ ሳይጨምር ብሎ በግንቦት ይገዛና ግቢ ውስጥ በሸራ ሸፍኖ እስከ መስከረም ይከምረዋል። በሁለት ቆርቆሮ መካከል የገባ እርጥበት መውጫ ስለሌለው ዚንኩን ይበላዋል፤ ሲከፈት ነጭ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል። ያ ዱቄት ዚንክሽ ነው፣ ጣሪያ ላይ ሳይወጣ ያለቀ። ቤት ውስጥ አስገቢው፣ ከመሬት ላይ በእንጨት አንሺው፣ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጊው፣ በየመካከሉ ቀጭን እንጨት ጣልቃ አስገቢ። ገና ስትገዢም ከመሀል አንዱን አስወጥተሽ ፊቱን በመዳፍሽ አብሺው፤ ነጭ ከነካሽ ሌላ ጥቅል ጠይቂ።

ማድ ቤቱን ከዋናው ጣሪያ ለዪው። የእንጨት ጭስና የእንጀራ እንፋሎት ቆርቆሮውን ከታች ነው የሚበሉት፣ ከዝናቡ ይቀድማሉም፤ እዚያ ጥሩ ቆርቆሮ መምታት ማባከን ነው፤ ርካሹን ምቺና ሲያልቅ ትቀይሪዋለሽ። ጭሱ ወደ ትልቁ ቤት ክፈፍ ሥር እንዳይገባ ብቻ ራቅ አድርጊው።

አናጢው ሥራውን ጨርሶ ከመውረዱ በፊት ጣሪያውን በመጥረጊያ ይጥረግልሽ። ቆርቆሮ ሲቆረጥ የወደቀው የብረት ብናኝና የተጣለ ሚስማር በመጀመሪያው ዝናብ ይዝጋል፣ የዝገቱም እድፍ አዲሱ ዚንክ ላይ ይቀራል። በተቆረጠው ጠርዝ ላይ የዚንክ ቀለም ይቀባልሽ፣ ሒሳቡንም ከዚያ በኋላ ክፈዪው።