በሩጫ ጊዜ የልብ ሥራ፤ ለፈተና ክለሳ የቀረበ

የፊዚዮሎጂ ፈተና በቀረበ ቁጥር በየመኝታ ክፍላችን የሚሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «በእንቅስቃሴ ጊዜ የልብ ምት ይጨምራል፤ ስለዚህ ልብ የሚያወጣው ደም ይጨምራል» የሚል ነው። ይህ ግማሽ መልስ ነው። እንዲያውም በአሶሳ ሜዳ ላይ በመጋቢት ፀሐይ ለሚሮጥ ሰው መልሱ ጨርሶ የማይሠራበት ጊዜ አለ። እኛም የሯጭ ጓደኛችንን የእጅ አንጓ ይዘን ምት ስንቈጥር በዚሁ ስሕተት ወድቀናል፤ ስለሆነም ትምህርቱን በዚያው ስሕተት መንገድ እንከልሰው።

በቅድሚያ ሦስቱን ነገሮች እንለይ። የልብ ምት ማለት ልብ በአንድ ደቂቃ የሚመታው ቁጥር ነው። በክፍል ውስጥ ስትሮክ ቮሊዩም የምንለው የልብ ግራ ታችኛ ክፍል በአንድ ምት የሚገፋው ደም ሲሆን፣ እዚህ «የአንድ ምት ደም» እንለዋለን። ካርዲያክ አውትፑት የተባለው ደግሞ በአንድ ደቂቃ የሚወጣው ደም ነው፤ «የደቂቃ ደም» እንበለው። ዝምድናቸውም እንዲህ ነው፦

የደቂቃ ደም = የልብ ምት × የአንድ ምት ደም

አሁን ዕድሜው 20 ዓመት የሆነ፣ የስፖርት ልምድ የሌለው አንድ ተማሪ እናስብ። ቁጥሮቹን ለማስረጃ ያህል የመረጥናቸው እኛ ነን፤ ሆኖም ለእንዲህ ያለ ሰው ከተለመደው ልክ የራቁ አይደሉም። ተማሪው ቆሞ ሳለ ልቡ 70 ጊዜ ይመታል፤ በአንድ ምትም 70 ሚሊ ሊትር ደም ያወጣል። ስለዚህ የደቂቃ ደሙ 4,900 ሚሊ ሊትር፣ ማለት 5 ሊትር ገደማ ነው።

ሩጫውን ሲጀምር መጀመሪያ የሚነሣው ምቱ ነው። ልብ ያለ ነርቭ ትእዛዝ ለብቻው ቢተው በደቂቃ ወደ 100 ጊዜ ያህል ይመታ ነበር፤ በዕረፍት ጊዜ ወደ 70 የሚያወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ሩጫ ሲጀመር ቬገስ ልጓሙን ያላላል፤ ምቱም በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከፍ ይላል። ከ100 በላይ ለሚሆነው ጭማሪ ግን ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ሲምፓቴቲክ ነርቮችና አድሬናሊን ናቸው።

የአንድ ምት ደምም አብሮ ይጨምራል፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ የእግር ጡንቻዎች በተኰማተሩ ቁጥር ደም መላሾችን እየጨመቁ ደሙን ወደ ልብ ይመልሱታል። ልብም በደም ይበልጥ በተለጠጠ መጠን ይበልጥ በኀይል ይጨመቃል፤ የፍራንክና የስታርሊንግ ሕግ የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ሲምፓቴቲክ ነርቮች የልብን ጡንቻ ስለሚያበረቱት ከምቱ በኋላ በውስጡ የሚቀረው ደም ያንሳል። በተማሪያችን ልብ ውስጥ ከምት በፊት የነበረው 120 ሚሊ ሊትር ወደ 140 ከፍ ቢል፣ ከምት በኋላ የሚቀረውም ከ50 ወደ 30 ቢወርድ፣ የአንድ ምት ደሙ ከ70 ወደ 110 ሚሊ ሊትር አደገ ማለት ነው።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ከዚህ የሚቀጥለውን ነው። ልምድ በሌለው ሰው የአንድ ምት ደም ሰውነቱ ሊጠቀምበት ከሚችለው ከፍተኛ ኦክስጅን ግማሽ ገደማ ሲደርስ ማደጉን ያቆማል ለማለት ይቻላል። ምቱ በፈጠነ መጠን ልብ የሚሞላበት ጊዜ ስለሚያጥር ከዚያ በላይ መጨመር ይከብዳል። ስለዚህ ተማሪያችን በመካከለኛ ሩጫ 140 ጊዜ ሲመታ 140 × 110 = 15.4 ሊትር ያወጣል፤ አቅሙ እስከሚያልቅ ሮጦ 200 ሲደርስ ደግሞ 200 × 110 = 22 ሊትር። ከ15.4 ወደ 22 ያደረሰው ምቱ ብቻ ነው። ብዙ ዓመት በሠለጠኑ ሯጮች ግን የአንድ ምት ደም ከዚያም በኋላ ሊያድግ እንደሚችል መታወቅ አለበት።

እንግዲህ ወደ አሶሳ ሜዳ እንመለስ። ተማሪው ፍጥነቱን ሳይለውጥ በሙቀት 50 ደቂቃ ሮጠ እንበል። በ10ኛው ደቂቃ ምቱ 140 ነበር፤ በ50ኛው ደቂቃ 157 ሆነ። እኛ በልምምዳችን ያደረግነው 157ን በ110 ማባዛት ነው፤ 17.3 ሊትር አገኘንና የደቂቃ ደሙ ጨመረ ብለን ጻፍን።

ስሕተቱ 110ን እንደማይለወጥ አድርገን መያዛችን ነው። በሙቀት ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ብዙ ደም ወደ ቆዳ ይልካል፤ በላብም የደም ውሃው ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል። የሰውነት ሙቀት መጨመሩም በራሱ ምቱን ያፋጥናል፤ በዚህም የመሙያው ጊዜ ይበልጥ ያጥራል። የአንድ ምት ደሙ ወደ 98 ሚሊ ሊትር ቢወርድ፣ 157 × 98 አሁንም 15.4 ሊትር ገደማ ነው። ምቱ ጨመረ፤ የአንድ ምት ደም ቀነሰ፤ የደቂቃ ደም ግን ብዙም አልተለወጠም። ይህንን ነው ካርዲዮቫስኩላር ድሪፍት የሚሉት።

ታዲያ በፈተና ላይ እንዴት እንለየው? ፍጥነቱን መጠየቅ ነው። ፍጥነቱ ጨምሮ ምቱ ከጨመረ፣ ጡንቻዎቹ ተጨማሪ ኦክስጅን ስለፈለጉ የደቂቃ ደሙም ጨምሯል። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ከጊዜ ብዛት ምቱ ብቻ ከወጣ ግን መጠርጠር ያለብን ሙቀትንና የውሃ ማነስን ነው። አበበ ቢቂላ በሮም ያሸነፈበት ማራቶን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በማለዳ ወይም በቀትር ሳይሆን ወደ ማታ እንዲጀመር የተደረገው ከሙቀቱ ለመሸሽ ነበር። ሙቀት ለቆዳ የሚወስደውን ደም ሯጩ ለእግሩ ይፈልገዋልና።

በመጨረሻ፣ ምት ለምትቈጥሩ ጓደኞቻችን ሁለት ማሳሰቢያ አለን። ሯጩ እንደቆመ ምቱ ቶሎ ስለሚወርድ ወዲያው 10 ሴኮንድ ቈጥራችሁ በ6 አባዙት፤ አንድ ምት ብትሳሳቱ ግን በደቂቃ 6 እንደምትሳሳቱ አትርሱ። ቈጥራችሁ እንደጨረሳችሁም ሯጩን ቀጥ ብሎ እንዲቆም አታድርጉት። የእግሩ ጡንቻ መጭመቁን ሲያቆም ደሙ እግሩ ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፤ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ቀስ ብሎ ይራመድ፤ ከወደቀ ደግሞ አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉለት።

ለልምምድ የሚሆን አንድ ጥያቄ እንተው፦ ሌላ ተማሪ በ15ኛው ደቂቃ ምቱ 150፣ የአንድ ምት ደሙ 100 ሚሊ ሊትር ነበር። በዚያው ፍጥነት በ60ኛው ደቂቃ ምቱ 165 ቢሆንና የደቂቃ ደሙ ባይለወጥ፣ የአንድ ምት ደሙ ስንት ሆነ? መልሱ 91 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ቁጥሩን ያገኘ ሁሉ ምክንያቱን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጽፎ ለጎረቤቱ ያሳየው።