እናቷ ለሞተባት ባልደረባችን በእንግሊዝኛ የምንልከው የማጽናኛ መልእክት



እዚህ ምካሌስ በአንድ ቤት ወይም በአንድ ሕንፃ አብረውን ከሚሠሩት ሴቶች ብዙዎቹ አማርኛ አያውቁም። ከፊሊፒንስ፣ ከስሪላንካ ወይም ከኬንያ ከመጡት ጋር የምንግባባው በትንሽ ዓረብኛና በትንሽ እንግሊዝኛ ነው። ለማጠብና ለማብሰል ይህ ይበቃናል። አንዷ እናቷ ወይም አባቷ ሲሞቱባት ግን ቃል ያጥረናል። በዛሬው ትምህርት ለእንደዚህ ያለች እህት የሚላክ አጭር የእንግሊዝኛ መልእክት አብረን እናዘጋጃለን።

ልዩነቱ የት ነው?

በአገራችን ለቅሶ የሚደርስ ሰው ብዙ መናገር አይጠበቅበትም። ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባል፣ አልቅሶ ይቀመጣል፣ ሲነሣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል። ድንኳኑ፣ ንፍሮው፣ የዕድሩ ሰው፣ አብሮ ማደሩ የቀረውን ይናገራል። በስልክ መልእክት ውስጥ ግን መቀመጥ የለም። በእንግሊዝኛ የምንልከው ቃል የመቀመጡን ሥራ ጭምር መሥራት አለበት። ስለዚህ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የምትለዋን ብቻ ተርጉመን ብንልክ ለእኛ ሙሉ ናት፤ ለእሷ ግን ከሩቅ የተጣለች ቃል ልትመስላት ትችላለች።

ሌላው ልዩነት መርዶ ነው። እኛ በስደት ላለ ሰው ሞትን በስልክ መንገር አንወድም። ቤተሰብ ይደብቃል፣ በኋላም ዘመድና ጓደኛ ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳል። ፊሊፒናውያን እህቶች ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ከቤተሰባቸው በቀጥታ ይሰማሉ፤ አስከሬኑ ቤት ሆኖ የሚታደርበትን የለቅሶ ሌሊትም በቪዲዮ ይከታተላሉ። ስለዚህ መልእክቱን ለሳምንት አታቆዩት፤ በሰማችሁበት ቀን ላኩት። ነገር ግን አስቀድማችሁ ራሷ መስማቷን አረጋግጡ። ወሬውን ከእመቤቲቱ አፍ ሰምታችሁ ከሆነ፣ መልእክታችሁ መርዶ እንዳይሆንባት ጠብቁ።

ሲተረጎሙ የሚበላሹ ቃላት

የመጀመሪያው «ሶሪ» ነው። ይህን ቃል የተማርነው ሰሃን ስንሰብር ስለሆነ ይቅርታ መጠየቅ ብቻ ይመስለናል። በሐዘን ጊዜ ግን «አይ አም ሶ ሶሪ» ማለት «በጣም አዝኛለሁ፣ ሐዘንሽ ተሰምቶኛል» ማለት ነው። ጥፋት እንደሌለባችሁ አስባችሁ አትተዉት፤ ዋናው ቃል እሱ ነው።

ሁለተኛው «ነፍስ ይማር» ነው። ቃል በቃል ስንተረጉመው «እግዚአብሔር ነፍሷን ይቅር ይበል» ይሆንና እናቷ ትልቅ ኃጢአት የሠሩ ያስመስላል። በእንግሊዝኛ በዚህ ቦታ የሚባለው «ሜይ ሺ ሬስት ኢን ፒስ» ነው፤ በሰላም ትረፍ ማለት ነው።

ሦስተኛው አክብሮታችን ነው። እኛ የሰው እናት «አረፉ» እንላለን፤ «አረፈች» ማለት ይከብደናል። ይህን ይዘን ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ «ዘይ» እንላለን፤ ሰሚዋ ግን ብዙ ሰው የሞተ ይመስላታል። በእንግሊዝኛ ለእናት «ሺ»፣ ለአባት «ሂ» ነው። ይህ ንቀት አይደለም፤ ለአዛውንትም ለሕፃንም ያው አንድ ነው። ደግሞ «ሺ» እና «ሂ» እንዳይቀያየሩባችሁ። በገበያ ወሬ ቢቀያየሩ ይሳቃል፤ እናቷን «ሂ» ስትሏት ግን ስለማን እንደምታወሩ ግራ ይገባታል።

አራተኛው «በቃሽ፣ አታልቅሺ» ነው። በእኛ ዘንድ ይህ የሚባለው ሰውነቷን አቅፈን፣ እንባዋን እየጠረግን ስለሆነ ፍቅር ነው። እጃችን በሌለበት በጽሑፍ ሲደርሳት ግን ቁጣ ይመስላል። ተዉት። «በምን ሞቱ?» የሚለውንም ጥያቄ ለመጀመሪያው ቀን አታድርጉት፤ ራሷ ስትነግራችሁ አዳምጡ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ

አብራችሁ የምትሠራው ፊሊፒናዊት በዕድሜ ትበልጣችኋለች እንበል። እናቷ ዐርፈዋል፤ ወደ አገሯም መሄድ አልቻለችም። እናቷን በቪዲዮ ታውቋቸው ነበር፤ ባያችኋቸው ቁጥር «በልታችኋል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። መልእክቱ አራት ክፍል ይኖረዋል። እንግሊዝኛውን በፊደላችን የጻፍኩት በድምፅ መልእክት እንድትልኩት ነው፤ ድምፃችሁ ከጽሑፍ ይልቅ ይሞቃል፣ የፊደል ግድፈትም አያስጨንቃችሁም።

መጀመሪያ ስሟንና ሐዘናችሁን ተናገሩ። ፊሊፒናውያን ታላቅ እህትን «አቴ» ይላሉ፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው ነው።
«አቴ፣ አይ ሀርድ አባውት ዩር ማዘር። አይ አም ሶ ሶሪ።»
አቴ፣ የእናትሽን ነገር ሰማሁ። በጣም አዝኛለሁ።

ከዚያ ስለ እናቷ የምታውቁትን አንድ ነገር ንገሯት። በአገራችን አልቃሽ የሟቹን መልካም ነገር እያነሣች እንደምታስለቅሰው ነው። መልእክቱን የእሷ ብቻ የሚያደርገው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።
«ሺ ኦልዌይስ አስክት ሚ፣ ‹ሃቭ ዩ ኢትን?› አይ ዊል ሪሜምበር ሀር።»
ሁልጊዜ «በልተሻል?» ይሉኝ ነበር። አልረሳቸውም።

ሦስተኛው ጸሎት ነው።
«ሜይ ሺ ሬስት ኢን ፒስ። አይ አም ፕሬይንግ ፎር ዩ ኤንድ ዩር ፋሚሊ።»
በሰላም ይረፉ። ለአንቺና ለቤተሰብሽ እጸልያለሁ።

መጨረሻ ላይ አንድ የምታደርጉላትን ነገር ጥቀሱ። «የምትፈልጊው ካለ ንገሪኝ» ማለት ለሐዘንተኛ ሌላ ሥራ መጨመር ነው፤ ምን እንደምትፈልግ አስባ መጠየቅ አለባት። ንፍሮ የምታመጣ ጎረቤት ፈቃድ አትጠይቅም። እናንተም በእጃችሁ ያለውን ጥቀሱ።
«ቱናይት አይ ዊል ዋሽ ዘ ዲሽስ። ፕሊስ ሬስት። ዩ ዶንት ኒድ ቱ አንሰር ሚ።»
ዛሬ ማታ ሰሃኑን እኔ አጥባለሁ። አንቺ ዕረፊ። መልስ መስጠት የለብሽም።

የመጨረሻዋ ቃል ትጠቅማለች፤ ብዙ ሰው ስለሚጽፍላት መልስ መስጠቱ ያደክማታል። «ታንክ ዩ» ብቻ ብትላችሁ ወይም ዝም ብትል አትቀየሙ።

እናቷን የማታውቋቸው ከሆነ ሁለተኛውን ክፍል አትፍጠሩት። ስለ እናቷ ከነገረቻችሁ ውስጥ አንዱን አንሡ፤ «ዩ ቶልድ ሚ ሃው ሺ ወርክት ፎር ዩ» ብትሉ፣ «ለአንቺ እንዴት እንደለፋች ነግረሽኝ ነበር» ማለት ነው። የእሷ ሃይማኖት ከእናንተ የተለየ ከሆነና ስለ ጸሎት መናገር ከከበዳችሁ፣ በጸሎቱ ቦታ «አይ አም ቲንኪንግ ኦፍ ዩ» በሉ፤ አስብሻለሁ ማለት ነው።

በራሷ ቋንቋ አንድ ቃል

ፊሊፒናዊቷን «ናኪኪራማይ አኮ» ብትሏት፣ ሐዘንሽን እካፈላለሁ ማለት ነው። ከኬንያ ለመጣችው «ፖሌ ሳና» በሉ። ይህች ቃል ለድካምም ለሐዘንም የምትሆን፣ የእኛን «አይዞሽ» የምትመስል ናት።

ከቀብር በኋላ

እኛ ሣልስትና አርባ እንዳለን፣ ካቶሊክ ፊሊፒናውያንም ከሞቱ በኋላ ዘጠኝ ቀን የሚጸለይ ጸሎት አላቸው፤ ፓሲያም ይሉታል። አርባኛውንም ቀን ያስባሉ። የሞቱበትን ቀን በስልካችሁ ላይ ያዙና በአርባው ሁለተኛ አጭር መልእክት ላኩ፦ «ቱዴይ አይ ሪሜምበር ዩር ማዘር ዊዝ ዩ።» ዛሬ እናትሽን ከአንቺ ጋር አስባለሁ ማለት ነው። በዚያ ቀን የሌላው ሰው መልእክት ስለሚቀንስ የእናንተን ትሰማዋለች።

መልመጃ

የሞቱት አባቷ ቢሆኑ ምን ይቀየራል? «ማዘር» ወደ «ፋዘር»፣ «ሺ» ወደ «ሂ»፣ «ሀር» ወደ «ሂም» ይቀየራል። አራቱን ክፍሎች በዚህ ለውጥ ሦስት ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉ፤ ከዚያ ለጓደኛችሁ በድምፅ ልካችሁ «ሂ» እና «ሺ» እንዳልተቀያየሩ ታድምጥላችሁ።